አራተኛው ጥያቄ

ሥራ አስኪያጁ እጇን በሁለት እጁ ይዞ «እግዜር ያጽናሽ» አለና፣ ከሚገባው በላይ ሳይለቃት ቆየ። ከኋላው አምስት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ተሰልፈዋል። የመጨረሻው ወጣቱ ኬሚስት ነበር። ባለፈው ሰኞ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሙ ከእሷ ስም በላይ የተለጠፈው እሱ ነው። ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

ቅዳሜ ነበር። አባቷ ከተቀበሩ ሁለተኛው ቀን። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሱት ወንበሮች ተጣቧል፤ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። አክስቷ፣ የአባቷ ታናሽ እህት፣ በር በሩን እያየች ሻይ ትቀዳለች። የመጣውን ሁሉ በልቧ ትመዘግባለች፤ የቀረውን ደግሞ አብልጣ።

«አባትሽ ትልቅ ሠራተኛ ነበሩ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ወንበሩን ወደ እሷ እያስጠጋ። «እኔ ስቀጠር የፓምፕ ጣቢያው እሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ አልሰማሁም።»

«አዎ» አለች። «አላማረረም።»

«አንቺም የእሳቸው ልጅ ነሽ። የሰኞው ነገር... አሁን ጊዜው አይደለም፣ ግን ተራሽ ይመጣል። ደግሞ ለሥራ አትቸኩዪ። የሐዘን ፈቃድሽ ነገ ቢያልቅም አንድ ሳምንት ጨምሬልሻለሁ። እረፊ።»

አክስቷ ሰምታ «እግዜር ይስጥልን፣ ደግ ሰው» አለች። እሷም አንገቷን ነቀነቀች። ነገሩ የገባት ሰውየው ሁለተኛ ብርጭቆ ሻይ ሲጠጣ ነው። በደረጃ ዕድገት ውጤት ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ውጤቱ በተለጠፈ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ነው። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞ። የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነው። ይህ ደግ ሰው በሐዘኗ መሃል ተቀምጦ የሰጣት ዕረፍት ቀኑን በእንቅልፍ እንድታሳልፈው ነው። ደሟ ፈላ። ብርጭቆዋን ሳትጨርስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

ዕድሜዋ አርባ አራት ነው። በከተማው ውኃ አገልግሎት ላቦራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደግሞ የክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ነበረች። ተጠባባቂ ማለት ሥራው የኃላፊ፣ ማዕረጉ የማንም ማለት ነው። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲደፈርስ ስድስት የመሞከሪያ ብርጭቆ የወንዝ ውኃ ደርድራ፣ ለእያንዳንዱ የተለያየ መጠን ያለው ማጥሪያ ኬሚካል ጨምራ፣ ጭቃው በየትኛው ቶሎ እንደሚረጋ አይታ «ይህን ያህል ጨምሩ» ብላ የምታዘው እሷ ናት። ያ ቃል ከተሳሳተ ከተማው የደፈረሰ ይጠጣል። ወጣቱ ኬሚስት ከትምህርት ቤት ሲመጣ ይህን ያስተማረችው እሷ ነች፤ ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ገባው።

የኃላፊነቱ ማስታወቂያ ሲወጣ መስፈርቱ ግልጽ ነበር። ሥራ አፈጻጸም ሠላሳ፣ የጽሑፍ ፈተና ሠላሳ፣ ልምድ አሥራ አምስት፣ ትምህርት አሥራ አምስት፣ ቃለ መጠይቅ አሥር። እሱ ሁለተኛ ዲግሪ ስላለው በትምህርት በሦስት ነጥብ በለጣት። እሷ በፈተናው በሦስት፣ በልምድ በአምስት በለጠችው፤ በአፈጻጸም እኩል ናቸው። ወደ ቃለ መጠይቁ ስትገባ በአምስት ነጥብ ትመራ ነበር። ስትወጣ በአንድ ነጥብ ተሸንፋለች። ለእሱ ዘጠኝ፣ ለእሷ ሦስት።

ሰኞ ከሰዓት ውጤቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። አባቷ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ፣ የኦክስጂን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ተለጥፎ፣ ጋደም ብለው ነበር። እነዚያ የፓምፕ ሽፋን ላይ አርፈው ውስጥ ያለው ብረት ሊበላሽ መሆኑን ከመሣሪያ ቀድመው የሚያውቁ መዳፎች አንሶላው ላይ ተዘርግተዋል።

«ዘለሉኝ» አለቻቸው።

«ተዪው ልጄ። ሥራ ራሱ ይናገራል» አሉ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። ሦስት ጊዜ የፈረቃ ኃላፊነት ሲያመልጣቸው፣ እናቷ ስትበሳጭ፣ እሳቸው እጃቸውን ታጥበው ገበታ ላይ እየተቀመጡ የሚሉት ይህን ነው። ያን ቀን ግን አፏ ከልቧ ቀደመ።

«አንተ ሠላሳ አምስት ዓመት ተውከው። ምን አገኘህበት?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ቱቦውን አስተካከለችላቸው፣ ትራሱን ከፍ አደረገችላቸው፣ ይቅርታ ግን አላለችም። ነገ እላለሁ ብላ ነበር። ማክሰኞ ሲያቃዣቸው ዋለ። ረቡዕ ጠዋት አረፉ።

ሥራ አስኪያጁና ሌሎቹ ተነሥተው ሲወጡ ወጣቱ ኬሚስት ጫማውን እያሰረ በሩ ላይ ወደ ኋላ ቀረ። ክሩን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ አሰረው።

«እትዬ፣ እኔ አድሉልኝ ብዬ አልጠየቅኩም። እንድታውቂልኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቃለ መጠይቁ ላይ ስንት ጥያቄ ጠየቁህ?»

«ሦስት። ስለ ናሙና አወሳሰድ፣ ስለ ኬሚካል ክምችት፣ ደግሞ ውኃው ቢበከል መጀመሪያ ለማን እንደምናሳውቅ።»

«ሌላ?»

«ሌላ የለም። ለምን?»

እሷን አራት ጠይቀዋት ነበር። ሦስቱ እነዚሁ ናቸው። አራተኛውን የጠየቃት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው፣ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ። «አባትሽ ታመዋል፣ ባለፈው ወር ብቻ ስምንት ቀን ፈቃድ ወስደሻል። ኃላፊ ብትሆኚ ማን ሊያስታምማቸው ነው?» አለ። የወሰደችው የዓመት ፈቃዷን ነበር። ይህንኑ ነግራው ነበር፣ በትሕትና፤ ድምፅዋ እንኳ ከፍ አላለም። አሁን ያ ትሕትናዋ አናደዳት።

«ይህን የነገርከኝን ቢጠይቁህ ትደግመዋለህ?» አለችው።

«እደግመዋለሁ» አለ። ፈርቶ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር፤ ቢሆንም አለ።

እሑድ ዕለት የአባቷ የሥራ ባልደረባ የነበሩ ጡረተኛ መጡ። ሰው ሁሉ በውኃ መዝጊያው ስም ቫልቭ ይላቸዋል፤ አንዴ ወሬ ከከፈቱ የሚዘጋቸው አልተገኘም። ስለ ጎርፉ ዓመት አወሩ፣ አባቷ ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው ሞተር እንዴት እንዳወጡ አወሩ፣ ሐዘንተኛውን ሁለት ጊዜ አሳቁት። እሷ ወረቀት ይዛ ጥግ ላይ ስትጽፍ አዩና ተጠጉ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ቅሬታ ነው ጋሼ። ነገ ላስገባ ነው።»

ቫልቭ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። «አባትሽም አንዴ አስገብቶ ነበር።»

«አባቴ? አባቴ እንኳን ቅሬታ ድምፅም አልነበረው።»

«አስገብቶ ነበር እልሻለሁ። ሦስተኛውን ጊዜ ሲዘሉት። እኔ ነኝ ምስክር የቆምኩለት። ሊፈረድለት ሁለት ቀን ሲቀረው የያኔው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠራው። አንቺ የላቦራቶሪ ሠልጣኝ ለመሆን አመልክተሽ ነበር፣ አይደል? ‹የልጅህ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አንተ ስትነሣ እሱ ይቀመጣል፣ አንተ ስትቀመጥ እሱ ይነሣል› አለው። በማግሥቱ የቅሬታ ወረቀቱን መልሶ ወሰደ። እንዳትነግራት ብሎ አስምሎኛል። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ቻልኩት፤ ቫልቭ ይሉኛል እንጂ።»

አልሳቀችም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ግድግዳውን በመዳፏ መታችው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። የተቆጣችው በሞተው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ላይ ነው። በነገሩ ሁሉ ውስጥ መያዣ ሆና ሳታውቅ በኩራት በኖረችው በራሷም ላይ ነው። በአባቷም ላይ ነበር፤ አፋቸውን ከፍተው አንዲት ቃል ቢነግሯት ኖሮ ያን ሰኞ ያንን ባላለች። ምን አገኘህበት? ጥያቄውን የጠየቀችው እሷው፣ መልሱም እሷው።

አክስቷ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «ምን ሆነሻል? ሰው ይሰማል። ደግሞ አፈሩ ሳይደርቅ ክስ ልትጽፊ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን እስኪል ቀኑ ያልፋል፣ እቴቴ።»

«ወንድሜ እንዲህ አልነበረም።»

«ነበር» አለች። «አስተዉት እንጂ ነበር።»

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ስለ ሃያ ሁለት ዓመቷ አልጻፈችም፤ ስለ አባቷ ሞትም አልጻፈችም። ነጥቦቹን ጻፈች። ለሁለቱ ተወዳዳሪዎች የቀረቡት ጥያቄዎች የተለያዩ መሆናቸውን፣ መመሪያው ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ እንዲቀርብ ማዘዙን ጻፈች። የቃለ መጠይቁ ቃለ ጉባኤ ኮፒ እንዲሰጣት ጠየቀች። በመጨረሻ አንዲት መስመር ጨመረች፦ «ተጠባባቂነቱ የተሰጠኝ ቦታው እስኪሞላ ስለሆነና ቦታው ተሞልቷል ስለተባለ፣ ከዛሬ ጀምሮ አስረክቤአለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ጥቁሯን እንደለበሰች መዝገብ ቤት ደረሰች። መዝጋቢዋ ደብዳቤውን አንብባ ወደ ጎን ልታኖረው ፈለገች።

«ሥራ አስኪያጁ ይዩትና...»

«መጀመሪያ ቁጥር ስጪውና ማኅተም ምቺበት። ኮፒዬ ላይም። ከዚያ ማንም ይየው።»

«ሐዘን ላይ ነሽ እኮ፣ የኔ እህት።»

«ሐዘን ላይ ነኝ። ማኅተሙ የታለ?»

ማኅተሙ ተመታ። የኬሚካል ማከማቻውን ቁልፍ ለወጣቱ ኬሚስት በዝርዝር አስረክባ አስፈረመችው። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ አገኛትና «እንዲህ ነው ደግነት የሚመለሰው?» አላት።

«የሰጡኝ ሳምንት ቅሬታዬን የሚቀብር ነበር» አለችው። «ቀብር ይበቃኛል። ባለፈው ሐሙስ አንድ ቀብሬአለሁ።»

የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ወጣቱ ተጠራ፤ እንዳለውም ደገመው። ቃለ ጉባኤው ሲወጣ አራተኛው ጥያቄ በሥራ አስኪያጁ የእጅ ጽሑፍ ከዳር ተጽፎ ተገኘ። ውሳኔው አጭር ነበር። ጥያቄው ከሥራው ጋር አይገናኝም፣ ውጤቱ ተሰርዟል፣ ቃለ መጠይቁ በሌላ ቡድን ይደገም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ደብዳቤውን ሲሰጧት ፈገግ ብለው ነበር። «ያንቺ ነው በይው። መቼ ለቃለ መጠይቁ ትቀመጫለሽ?»

«አልቀመጥም።»

«እንዴት? ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«ውሳኔው ፋይል ውስጥ ይቀመጥልኝ። ለሚቀጥለዋ ሴት ይህን ጥያቄ እንዳይጠይቋት። ወንበሩን ልጁ ይያዘው፤ ያስተማርኩት ነው፣ ያውቅበታል። እኔ እዚህ ቤት የገባሁት አባቴ አፉን ዘግቶ ነው። በተዘጋ አፍ ከገባሁበት ቤት በተከፈተ አፍ ልውጣ።»

ከተማው ማዶ የውኃ ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መርማሪ ይፈልግ ነበር። ሥራው የእሷን የመሰሉ ላቦራቶሪዎችን እየዞሩ መፈተሽ ነው። ናሙናው ከየት እንደተወሰደ፣ መዝገቡ ከውኃው ጋር መስማማቱን፣ ደካማውን ቁጥር ማን እንዳሳመረው ማየት ነው። ማስታወቂያው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ሄደች። በአርባ አራት ዓመቷ እንደ ሠልጣኝ ወረፋ ይዛ ቆመች። ከፊቷም ከኋላዋም የቆሙት ልጆቿ የሚሆኑ ናቸው። አንዱ «እማማ፣ ለልጅዎ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ለራሴ ነው» አለችው፤ ቁጣዋ ገና ትኩስ ስለነበር ልጁ ወረፋውን ለቀቀላት።

ተራዋ ደርሶ ቅጽ ተሰጣት። ሙሉ ስም ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየናሙናው፣ በየመዝገቡ፣ በየፊርማው ስሟን ጽፋ የአባቷን በአንዲት ፊደልና በነጥብ ታሳጥረው ነበር፤ ሥራ ይበዛ ነበርና። ስሟን ጻፈች። ከዚያ የአባቷን ስም ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳታስቀር፣ ቀስ ብላ ጻፈችው። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር።

ጸሐፊዋ ቅጹን ለመውሰድ እጇን ዘረጋች።

«ትንሽ ቆዪ» አለቻት፣ መዳፏን ከስሙ በላይ ሳታስነካ እንደ ጥላ ዘርግታ። «ይድረቅ።»