ለሙሐሲን የተከፈለው ኪራይ

ፈንታዬ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ መጥሪያ ይዞ መጣ። አስፈርሟት ሲሄድ ወረቀቱን በስፌት መኪናዋ ላይ ዘርግታ አነበበችው። ከሳሽ ፈርሂያ ጀብሪል ትባላለች። ተከራይዋ ከዓመት በላይ ኪራይ አልከፈለችኝምና ውዝፉን ትክፈለኝ፣ ሱቄንም ለቃ ታስረክበኝ ይላል።

ፈንታዬ መጀመሪያ የመሰላት ስም ተሳስተው እንዳመጡት ነበር። ኪራይ አሳልፋ አታውቅም። ደንበኛ በጠፋበት ወር እንኳ የጆሮዋን ወርቅ አስይዛ ከፍላለች። ሁለተኛ ስታነበው ግን ነገሩ ገባት።

ሱቁ የፈርሂያ ነው። ፈርሂያ ኩዌት በሰው ቤት ስትሠራ በላከችው ገንዘብ መካነ ሰላም ላይ ያሠራችው እሱን ብቻ ነው። ሲያልቅ ለወንድሟ ለሙሐሲን ውክልና ላከችለት፤ ውሉን ከፈንታዬ ጋር የተፈራረመውም፣ ኪራዩን የሚቀበለውም እሱ ነበር። አሁን ፈርሂያ ጠቅልላ ተመልሳለች። እጇ ላይ የደረሰ ነገር የለም። ወንድሟን ብትጠይቀው «ሴትዮዋ አልከፍልም ብላ አስቸገረችኝ» አላት፤ ከዚያም ደሴ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ፣ ስልኩንም ዘጋ።

ፈንታዬ ልትቆጣ አስባ ቁጣው አልመጣ አላት። እሷም ዱባይ ሳለች ለታላቅ ወንድሟ ትልክ ነበር። ስትመለስ ላሞች ገዛሁልሽ ያለበት በረት ውስጥ የጎረቤት ጭድ ተከምሮ ነው ያገኘችው። ያን ቀን በረቱ በር ላይ እንዴት እንደቆመች ሰው ባትነግርም አልረሳችውም።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የሚጽፈው ምናለ መጥሪያውን አይቶ፣ «በቃል ከፍያለሁ ማለት ዋጋ የለውም። ወረቀት አለሽ?» አላት።

«የመጀመሪያዎቹን ወራት በእጅ ነው የከፈልኩት። እየፈረመ ደረሰኝ ይሰጠኝ ነበር፤ አሉ። ከዚያ በባንክ ሂሳቡ አስገቢልኝ አለኝ።»

«የባንኩስ?»

«መልእክቶቹ የድሮ ስልኬ ላይ ነበሩ። ስልኩ ተበላሽቷል።»

«ስልኩን ተይው። ባንክ ሄደሽ የሂሳብሽን መግለጫ ጠይቂ። ከማን ሂሳብ ለማን እንደገባ ከነቀኑ ያወጡልሻል። ማህተም ሳያርፍበት እንዳትቀበይ። መካከል ላይ የጎደለ ወር የለም?»

ፈንታዬ አልደበቀችውም፤ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ባንኩም ሳይከፍት የከረመበት ጊዜ ነበር። ሙሐሲንም በዚያ ሰሞን ከተማ አልነበረም። የነዚያን ወራት ኪራይ በጥሬው ይዛ ቤቱ ሄዳ ለእናቱ ለእማማ ራሕማ ሰጥታለች። ደረሰኝ አልጠየቀችም። አሮጊት እናትን ፈርሚልኝ ማለት አሳፍሯት ነበር።

«እንግዲያ እሳቸው ቃላቸውን ይስጡሽ» አለ ምናለ።

«የከሰሰችኝም የበላውም ልጆቻቸው ናቸው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ማስረጃ ግን የለሽም።»

ባንኩ ወረቀቱን በማግስቱ ሰጣት። ወደ እማማ ራሕማ ደጅ ለመሄድ ግን እግሯ ከበዳት። አሮጊቷ የሚኖሩት በሙሐሲን ቤት ነው። ስትደርስ የዙሁር ሶላት ሰግደው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታ ተለዋውጠው ለምን እንደመጣች ስትነግራቸው መቁጠሪያቸውን አንስተው ማዞር ጀመሩ።

«ፈርሂያ እዚህም መጥታ ነበር» አሉ በኋላ። «ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ወንድምሽን ጠይቂው አልኳት።»

«እማማ፣ አላስገድድዎትም።»

«ያመጣሽልኝን በእጄ ነው የሰጠሁት። ለእህትህ ላክላት አልኩት። እሺ አለኝ።» ቀና ብለው አዩዋት። «አሁን ምን ላርግ ትይኛለሽ? የሚጦረኝ እሱ ነው።»

ፈንታዬ «ይቅር፣ አላህ ያውቃል» ብላ ተነሳች። በመንገድ ላይ ሱቁን ለቃ የስፌት መኪናዋን ይዛ ደጎሎ ወይ አጅባር ስለመሄድ አሰበች። በማያውቋት ከተማ እንደገና ደንበኛ ማፍራት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ስታስብ ግን ሐሳቡን ተወችው።

መልሷን ለፍርድ ቤት የምታስገባበት ቀን ሳይደርስ ግን እማማ ራሕማ ሱቋ መጡ። ከጎናቸው የቁርኣን መምህር የሆነው ጎረቤታቸው አለ። ቃላቸውን እሱ ጽፎላቸዋል፤ አንብቦላቸው በሁለት ምስክሮች ፊት አውራ ጣታቸውን አሳርፈውበታል።

«ሐቅ አንቆ ይዞኝ እንቅልፍ ነሳኝ» አሉ። «በሰው ሐቅ ላይ ሰግጄ የት እደርሳለሁ?»

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ዋናዎቹን ደረሰኞች ከቅጂዎቹ ጋር አመሳክረው አንድ በአንድ ለፈርሂያ አሳዩዋት።

«ፊርማው የማን ነው? ትክጃለሽ?»

«አልክድም። የወንድሜ ነው።»

«በባንኩ መግለጫ ላይ ገንዘቡ የገባበት ሂሳብስ?»

ፈርሂያ በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም አነበበች። «የሱ ነው። እኔ ጋ ግን አልደረሰም፣ ክብርት ዳኛ።»

«በዚያን ጊዜ ውክልናውን አንስተሽበት ነበር?»

«አላነሳሁም።»

ዳኛዋ የእናትየውን ቃል አነሱ። «ይህን የሰጡት ሰው ራሳቸው ቀርበው ካልመሰከሩና ካልተጠየቁ በወረቀት ብቻ አልቀበለውም» አሉና ለምስክር ሌላ ቀጠሮ ሰጡ።

ፈርሂያ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ያወቀችው ያኔ ነው። ከችሎት ስትወጣ ፈንታዬን ቀና ብላ አላየቻትም።

በምስክሩ ቀን እማማ ራሕማ በቁርኣን ምለው ቆሙ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ዳኛዋ ደግመው እንዲናገሩ አደረጓቸው። ከፈንታዬ መቀበላቸውን፣ መንገድ የተዘጋባቸው ወራት መሆናቸውን፣ ለልጃቸው መስጠታቸውን ተናገሩ። ፈርሂያ መስቀለኛ ጥያቄ እንዳላት ስትጠየቅ ተነሳች።

«እማዬ፣ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለታችሁንም ላጣ ነው ብዬ» አሉ። «ዝም ብዬም አጣኋችሁ።»

ፈርሂያ ተቀመጠች።

ፍርዱ ሲነበብ ዳኛዋ ቀለል አድርገው አስረዱ። ለወኪል የተከፈለ ለባለቤቱ እንደተከፈለ ይቆጠራል፤ ተከራይዋ ውዝፍ የለባትም፣ ባለመክፈል ምክንያትም ሱቁን አትለቅም። ፈርሂያ ከወንድሟ የምትጠይቀው ካለ ለብቻው ክስ ታቀርባለች።

ፈንታዬ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ግቢው ውስጥ ፈርሂያ ባሕር ዛፉ ስር ብቻዋን ቆማ ስታያት ግን ወደ እሷ ሄደች።

«ሌባ ናት ብዬ በየቤቱ አውርቻለሁ» አለች ፈርሂያ። «አፉ በይኝ።»

«አፉ ብዬሻለሁ። እኔም ደርሶብኛል፤ የኔው ወንድም ነበር።»

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ምንም። እስካሁን አንነጋገርም። አንቺ እንደኔ አታድርጊ አልልሽም፤ አላውቀውም።»

ፈርሂያ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። ውክልናውን ዛሬውኑ እንደምታነሳ፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ኪራዩ በራሷ ሂሳብ እንዲገባላት ነገረቻት። ከዚያ ፍርዱን ሰምተው ወደነሱ ወደመጡት እናቷ ዞረች።

«እኔ ጋ ትሄጃለሽ። እሱ ቤት አትመለሺም።»

እማማ ራሕማ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እንደመሰከርኩበት ደሴ ድረስ ይነግሩታል። ሲመጣ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዳያገኘው። ልቆጣውም የምችለው እዚያ ስኖር ነው።»

ሴት ልጃቸው ተከራከረች፤ አልሰሟትም። መጨረሻ ላይ ክንዳቸውን በአንድ በኩል ያዘች። ዳገቱ ለአንድ ሰው የሚበዛ ስለነበር ፈንታዬ በሌላው በኩል ያዘቻቸውና ሦስቱም ወደ ሙሐሲን ቤት መውጣት ጀመሩ።