ሁለት አድራጊ

ቡሬ ከተማ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ባለችው ክፍል ሐሙስ ሐሙስ ነህው፣ ማለትም የዐረብኛ ሰዋስው ይሰጣል። ተማሪዎቹ ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ሴቶች እሑድ ቁርአን ይቀራሉ፣ ከዚያ ያለፈ አልተለመደም። ዙበይዳ አንድ ሐሙስ ጫማዋን አውልቃ ስትገባ መምህሩ ኡስታዝ ጀዕፈር ጠመኔውን እንደያዘ በር ላይ አስቆማት።

«እህቴ፣ የአንቺ ቀን እሑድ ነው።»

«ቁርአኑን ቀርቻለሁ፤ ነህው ልማር ነው የመጣሁት።»

ዙበይዳ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት። ዐረብኛው ከአፏ እንደ ውኃ ይፈሳል። አሁን ከእናቷ ጋር ገበያ ላይ በርበሬ ትሸጣለች። ቤይሩት ሳለች አንድ ቀን የአሠሪዋን ልጅ የሰዋስው መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ብታገኘው ማንበብ ጀመረች፤ አሠሪዋ ከእጇ ነጠቀቻትና «አንቺን ምን አገባሽ?» አለቻት። አገሯ ከገባች በኋላም ያ ቃል አልለቀቃትም።

«ዐረብኛ እችላለሁ» አለችው ኡስታዙን። «ካላመኑ ይፈትኑኝ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ኡስታዙ ግን «ደግ» አለ፤ «‹ወንዶቹ መጡ› የሚለውን በግሡ ጀምረሽ በይ።»

«ጃኡ አርሪጃሉ።»

«ተሳሳትሽ። ጃአ አርሪጃሉ ነው። ግሡ ከቀደመ ነጠላ ይሆናል፤ ‹መጣ ወንዶቹ› እንደ ማለት። አንቺ የተናገርሽው የሰፈር ዐረብኛ ነው።»

ፊቷ ጋለ። እውነቱን ነበር፤ ቤይሩት ሁሉም እንዲያ ነው የሚናገረው።

«ካወቅሁት ምን ልማር እመጣለሁ?» አለች። «አላዋቂ መሆኔን ካረጋገጡ፣ እንግዲህ ያስተምሩኝ።»

«ክፍሉ የወንዶች ነው።»

ሄደች፤ ግን የሄደችው መጽሐፍ ፍለጋ ነበር። አንድ ያረጀ የነህው ኪታብ ተውሳ በርበሬው ጆንያ ላይ ዘርግታ አጠናች። እናቷ «ሰው ምን ይልሻል?» ስትላት «ይበል» ትላለች። ያልገባት ነገር ሲኖር መስጊድ ወጥታ ሽማግሌውን ሼህ ሙዘሚልን ትጠይቃለች። እሳቸውም ሳይሰለቹ ይመልሱላታል።

ረመዳን ሊገባ ሲል ዙበይዳ ሐሙስ ቀን ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ ሼሁም ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

«ደግሞ ይፈትኑኝ» አለች።

ኡስታዙ ሼሁን አየ። ሼሁ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሴቶቹ መጡ» አለ፤ «በግሡ ጀምሪ።»

«ጃአት አንኒሳኡ። ግሡ በቁጥር ነጠላ፣ በጾታ ግን ሴት ነው። ግሣዊ ዐረፍተ ነገር ይባላል።»

«ሴቶቹን አስቀድሚ።»

«አንኒሳኡ ጂእነ። አሁን ስማዊ ነው፤ በስም ጀምሯልና። ግሡም ሴቶቹን ተከትሎ ብዙ ሆነ።»

«ለምን?» አለ ኡስታዙ፤ ድምፁ ጠንከር አለ። «ሲቀድም ለምን ነጠላ ይሆናል? መቁጠር አቅቶት ነው?»

ዙበይዳ ወደ ሰሌዳው ሄዳ ሳታስፈቅድ ጠመኔ አነሣች።

«ግሥ አንድ አድራጊ ብቻ ነው ያለው» አለች እየጻፈች። «ጂእነ ስል መጨረሻዋ ላይ ያለችው ‹ነ› ራሷ አድራጊዋ ናት፤ ‹እነሱ ሴቶቹ› ማለት ነው። ከፊት የመጣው ‹ሴቶቹ› የሚለው ስም ወሬው ስለ ማን እንደሆነ ብቻ ይናገራል። ግሡ ከቀደመ ግን አድራጊው ከኋላ በስሙ ይመጣል። ‹ነ›ን ከጨመርሁ ለአንድ ግሥ ሁለት አድራጊ አደረግሁ። ባለፈው እንደተሳሳትሁት መሆኑ ነው፤ እዚያም ‹ጃኡ› ላይ ያለችው ‹ኡ› አንድ አድራጊ፣ ‹አርሪጃሉ› ሌላ አድራጊ ሆኑብኝ።»

ኡስታዙ ሰሌዳውን ቆሞ አነበበ። ከዚያ «ልክ ነው» አለ፤ ሳይከፋው። «መሠረቱ ይኸው ነው።»

ሼህ ሙዘሚል «እንግዲህ መጋረጃ አድርጉላትና ከኋላ ትቀመጥ» አሉ።

ዙበይዳ ዝም ብላ እሺ ትላለች ብለው ሁሉም ጠብቀው ነበር።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ከመጋረጃ ኋላ ሰሌዳው አይታየኝም። ሰሌዳ የማላይበት ትምህርት አልፈልግም። ለብቻዬም አልፈልግም። ሌሎችም ሴቶች አሉ።»

ሼሁ ኡስታዙን አዩት። ኡስታዙ ጠመኔውን ከእጇ ተቀበለና «እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ ክፍሉ ባዶ ነው» አለ። «እኔ አስተምራለሁ።»

ያን እሑድ ሴቶቹ ወለሉን ሞሉት፤ ዙበይዳ ከሁሉም ፊት ተቀመጠች። ኡስታዙ የመጀመሪያውን ምሳሌ ሲጽፍ አንድ የመስጊዱ ኮሚቴ አባል በሩን ገፍቶ «ይኸ ምንድን ነው? ማን ፈቀደ?» ብሎ ጮኸ። ኡስታዙ ከመመለሱ በፊት ዙበይዳ ተነሣች።

«ትምህርት ላይ ነን» አለችው። «ሲወጡ በሩን ይዝጉልን።»