መግቢያ የሌለው ሪፖርት

የልጄ ልጅ የኔአለም ሮብ ገበያ ከተማ፣ በወረዳው ግብርና ቢሮ የአፈር ባለሙያ ናት። አሲዳማውን መሬት ለማከም የመጣው ኖራ ደብረ ማርቆስ መጋዘን ውስጥ ተቆልሎ የግብርና ዳይሬክተሩን ፊርማ ይጠብቃል። ኖራ ደግሞ ከዘር አንድ ወር ቀድሞ ካልተበተነ ለዘንድሮ አይረባም። ሪፖርት ላቅርብልህ ብትለው ሰውየው «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ» ብሏታል። ምን ሥራ ይዞት እንደሆነ እንጃ፤ ወንበሩ እንዳይሸሽበት መጠበቅ ይሆናል።

የኔአለም አሥራ ሰባት ገጽ ጽፋ አነበበችልኝ። መግቢያ፣ ዓላማ፣ የወረዳው አቀማመጥ። ሰዓት ይዤ ነበር፤ አምስት ደቂቃው ሲያልቅ ገና ጮቄ ተራራ ላይ ናት።

«ጮቄን አያውቀውም እንዴ?»

«ያውቀዋል፣ እምዬ።»

«ታዲያ ከሱ የምትፈልጊው ምንድን ነው?»

«ኖራው ሐሙስ እንዲጫን እንዲፈርምልኝ።»

«በይ እሱን አናቱ ላይ ጻፊው። ባይፈርም የሚመጣውን ከሥሩ። የቀረውን ከጠየቀሽ ትነግሪዋለሽ።»

አንድ ገጽ አደረገችው። በማግስቱ ቢሮው ስትገባ ከአምስቱ ደቂቃ ሦስቱን በስልክ ሲስቅ ፈጀው። ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር አየና «ባልፈርምስ?» አላት። ጣቷን ሁለተኛው መስመር ላይ አደረገች፤ «ስድስት መቶ አባወራ ዘንድሮም ያለ ኖራ ይዘራል» ይላል። ፈረመ።

ፈርሞም አላፈረም፤ «መግቢያ የሌለው ደግሞ ምን ዓይነት ሪፖርት ነው?» ብሎ ተቆጣት። አሥራ ሰባቱን ገጽ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ደስ አለው፤ ሳይገልጠው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት።

ኖራው ሐሙስ ተጫነ።