ስም የለሹ የቦዲቲ ቦርሳ

ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ልባሽ ቦርሳ የሚሸጠው ከድር አይቶ ስሙን የማይነግርህ ቦርሳ ገና አልተሰፋም፤ ይህን የሚለው ራሱ ነው። ዛሬ ግን የቦዲቲዋ መምህርት ብሩክታይት በቴሌግራም ፈተነችው። ልትሸጠው የያዘችውን፣ የውጭ ምልክቱ የወለቀ ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ፎቶ ልካለች፤ ሀዋሳ ያለች ገዢ የማን ሥራ እንደሆነ ካላወቅሁ አልወስድም ብላታለች።

ከድር ዚፑ ላይ የተቀረጹትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አየና በድምፅ መልእክት ፎከረ፦ «ዋይኬኬ ነዋ! ጃፓንን ያስጨነቀ ቦርሳ!»

«አንተ ከድር፣ ዋይኬኬማ የልጄ ጃኬት ላይም አለ። ዚፕ የሚሠራው ፋብሪካ እንዳይሆን!»

ከድር ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ዚፕ አየ። ዋይኬኬ። ግራና ቀኝ ቃኘ፤ ማንም አላየውም።

«ልፈትንሽ ብዬ ነው እንጂ!» አላት። «በይ ገበሩን ገልብጪና አንሺልኝ። የማሰሪያውን መንጠቆ ደግሞ ጠርገሽ፣ ብርሃን ከጎን እያበራሽ።»

አዲሶቹ ፎቶዎች ደረሱ። ገበሩ ላይ ትንንሽ ውሾች ተሸምነዋል፤ የዚፑ መጎተቻ ቆዳ ላይም ያችው ውሻ ታትማለች። መንጠቆው ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ራድሊ» ይነበባል። ሦስቱም ምልክቶች ተስማሙ።

«ውሻን ምልክቱ ያደረገው የእንግሊዞቹ ቦርሳ ሠሪ ራድሊ ነው። ግን ፎቶዎቹንም ለገዢዋ ላኪላት፤ አስመስሎ የሚሠራ አይጠፋም» አላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ገዢዋ አይታ «ያዥልኝ» አለች። ከድር ይህን ሲሰማ ወደ ጎረቤቱ ወደ ቢላል ሱቅ ሮጠ።

«ቢላል! ቦዲቲ ያለ ቦርሳ እዚህ ተቀምጬ፣ በአንድ ዓይኔ ለየሁት!»