የጋሼ ቀኝ ጭን

ጥር አሥራ ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ የወንድሜን ቀኝ ጭን ለካሁ። ሃምሳ አራት ሳንቲሜትር ሆነ። ዓርብ ዕለት ሃምሳ ሁለት ነበር። አላመንኩም፤ ሜትሩን ፈትቼ እንደገና ጠመጠምኩት፤ ያው ነው።

«ጋሼ፣ አደገ!» አልኩት።

አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ እጁን ወደ ላይ ወረወረ። መቆም አልቻለም፤ ግን ሳቀ። «ለዚያች ለዶክተሯ እህታችን ደውልላት» አለኝ። «ሁለት ሳንቲሜትር በላት። በሦስት ቀን!»

እኔ ነኝ የለካሁት፣ እኔ ነኝ የጮህኩት። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን ልጽፍ አልችልም።

ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ሠልጣኞቹ ብሎኬት ነበር የሚሉት፤ አጭርና አራት ማዕዘን ነበረ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያች ከመኪና ጋራዥ በላይ ባለች ጂም ውስጥ ሰው አሠልጥኗል፤ እኔ የሱ ቀኝ እጅ ነበርኩ። የእግር ቀን ሲሆን በማግስቱ በር ላይ ቆሞ ሠልጣኙን ሁሉ ይጠይቃል፦ «ደረጃውን እንዴት ወጣኸው?» «ደህና ወጣሁ» ያለ ሰው ወዮለት። «እንግዲያው ትናንት የመጣኸው ልትጎበኘን ነው» ይለዋል። የደረጃውን መደገፊያ ይዞ እያቃሰተ የወጣውን ግን ትከሻውን ይመታዋል። ጡንቻ ማለት ተቀድዶ፣ ተጠግኖ፣ ከበፊቱ ወፍሮ የሚመለስ ነገር ነው ብሎ ያምን ነበር። እኛም አመንን።

መስከረም ላይ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና ተሰፋ። በአራት ወር ውስጥ ጭኑ ቀጨጨ። ግራው ሃምሳ ሰባት፣ ቀኙ ሃምሳ ሁለት። በቁምጣ መሥራት ትቶ ረጅም ሱሪ መልበስ ጀመረ። አንድ ቀን አንድ አዲስ ሠልጣኝ ለጓደኛው «እሱ ራሱ እግር የለው፣ ለኛ እግር ሊያወጣልን ነው?» ሲል ሰማ።  

ታናሽ እህታችን ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነፋስ የሚሞላ ሰፊ ቀበቶ ይዛ መጣች። ጭኑ ላይ ከላይ አሠረችው፣ ነፋስ ሞላችውና ቀላል ክብደት እግሩ ላይ አድርጋ ጉልበቱን ሠላሳ ጊዜ አስዘረጋችው። ሃያኛው ላይ ፊቱ ቀላ።

«ያቃጥላል!»

«ያቃጥል። ደሙ እንደ ልብ አይመለስም፤ የሥራው ቆሻሻ እዚያው ይጠራቀማል። ጡንቻው ቶሎ ይደክምና ትንንሾቹ ክሮች ሲያቅታቸው ትልልቆቹ ይጠራሉ። በከባድ ብረት ጉልበትህን ሳናስጨንቅ ማለት ነው።»

«እና ማቃጠሉ ነው የሚያሳድገው?»

«ብቻውን? እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። ያግዛል ነው የሚባለው። ዋናው ውጥረቱ ነው፣ ጋሼ። ክሩ ከክብደቱ ጋር ሲጓተት ሕዋሱ መወጠሩን ያውቃል፤ ከዚያ ሥጋ ገንባ የሚል ትእዛዝ ያወጣል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የምንጨምርልህ።»

«ማመሙስ? መቀደዱስ?»

«እሱን ተወው። ድሮ ዋናው እሱ ነው ይሉ ነበር። አሁን ግን ብዙ የተጎዳ ጡንቻ መጀመሪያ የሚሠራው ሥጋ ለጥገና ነው የሚሄደው እያሉ ነው። አንድን ሥራ ደጋግመህ ስትለምደው ሕመሙ ይጠፋል አይደል? ዕድገቱ ግን ይቀጥላል። ታዲያ ሕመሙ ምን ሠራ?»

«እኔ በሕመም ነው ያደግሁት፣ አንቺ ልጅ።»

«አንተ ያደግኸው ሃያ ዓመት ከባድ ስላነሳህ ነው። ሕመሙ አብሮህ የተሳፈረ ነው፤ ሾፌሩ አልነበረም።»

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ስንት ጊዜ ይፈጃል የአንቺው?» አላት።

«ስድስት ወር። ምናልባት ስምንት።»

ቅዳሜ ጠዋት ጂሙ ሳይከፈት፣ ከጀርባው ባለችው የምንኖርባት ክፍል ውስጥ ቀሰቀሰኝ። በእግር ወደምንገፋው ማሽን ወሰደኝና መቶ ሃያ ኪሎ ጫንኩለት። በቀኝ እግሩ ብቻ ያን ያህል ወደ ላይ ሊገፋ እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን። ሐሳቡ ግን ሌላ ነበር፤ ወደ ላይ እኔ እገፋለታለሁ፣ ወደ ታች እሱ ብቻውን፣ በቀስታ፣ እየታገለ ያወርደዋል። ጡንቻ እየተለጠጠ ሲታገል ነው አብዝቶ የሚጎዳው፤ እሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር። አራት ወር ሥራ ፈትቶ የከረመ ጭን ነው። አሥር ዙር፣ በየዙሩ አሥር። ስድስተኛው ላይ እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ይበቃል፣ ጋሼ።»

«ግፋ።»

«እህታችን ብታይ...»

«እህታችን ፈሪ ናት። አንተም ልትሆን ነው? ግፋ!»

ገፋሁ። እስከ መቶ ገፋሁ።

እሑድ ከአልጋ አልወረደም። ጭኑ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ማስታገሻ ክኒን አምጣ አለኝ፤ አመጣሁ፤ በቀን ሁለት የሚለውን አራት ወሰደ። ሰኞ ጠዋት ነው እንግዲህ ሜትሩን ያመጣሁት።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። «ጡንቻ በሦስት ቀን ሁለት ሳንቲሜትር አያድግም» አለች። «እብጠት ነው። ምን ሠራችሁ?»

የሠራነውን ነገርኳት። ስለ ክኒኑ አልነገርኳትም፤ ትዝም አላለኝ። ውኃ አብዝቶ እንዲጠጣ አዘዘችና ማታ ላይ እመጣለሁ አለች። ተረኛ የሆነች ባልደረባዋ ታማ ስለቀረች ግን አልቻለችም። ደውላ «እንዴት ነው?» ስትለኝ «ይስቃል» አልኳት። እውነትም ይስቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሽንት ቤት እየተጎተተ ወጥቶ «ሽንቴ ኮካ ሆኗል፤ ጠርሙስ አምጣና እንሽጠው» ብሎኝ ነበር። እኔም ሳቅሁ። ሁልጊዜ የሚውጠው ቫይታሚን ነው ያጠቆረው አለ። እኔም ቫይታሚኑ ነው አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት እህቴ ከሥራ ቀጥታ መጣች። ጭኑን በጣቷ ተጫነችው፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቀረ። «ሽንትህ ምን ይመስላል?» አለችው።

እሱ ወደ እኔ አየ። ታላቅ ወንድሜ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ወደ እኔ ሲያይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ከትናንት ወዲህ ብዙም አይመጣም» አላት።

ታክሲ እንድጠራ ጮኸችብኝ። የጂሙን ደረጃ አዝዬው ወረድኩ። ጀርባዬ ላይ ሆኖ «አየህ፣ ደረጃ መውረድ ያቃተው ሰው ነው የሠራ» አለኝ፤ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አስረዳን። በጣም ብዙ የጡንቻ ክር ስለፈረሰ የውስጡ ነገር ወደ ደም ፈስሷል፤ ሽንቱን ያጠቆረው ያ ነው፣ ኩላሊቱንም የጎዳው። ክኒኑ ደግሞ በላዩ ላይ ጨምሮበታል። ደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ልብን የሚያቆም ልክ ላይ ደርሷል። ቀደም ብለው ከመጡ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ብቻ የሚድኑ ብዙ ናቸው አለ። ክፉ አልነበረም ሰውየው፤ ስለጠየቅሁት ነው የነገረኝ።

እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «መጥቼ ላየው ይገባኝ ነበር» አለች። እኔ ስለ ኮካው ነገርኳት። እጄን ያዘች።

ኩላሊቱን የሚተካው ማሽን ላይ አራት ሰዓት ቆየ። ረቡዕ ጠዋት ሲነቃ ስለ ጂሙ ጠየቀኝ። «ዛሬ ማን ከፈተ?» አለ። ማንም አልኩት። ተቆጣ። ያንን ያህል ድምፅ ስላወጣ ደስ አለኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፖታሲየሙ እንደገና አሻቅቦ ልቡ ቆመ። ሁለት ጊዜ መለሱት፤ ሦስተኛ አልተመለሰም።

ጂሙን መጋቢት መጨረሻ ላይ ከፈትኩት። ከነበሩን ሰባ ሁለት ሠልጣኞች ሃያ ስድስቱ ተመልሰዋል።