ያለፈው ሳምንት ፊት

ሚጣ ጥቁር መነጽሯን ስታወልቅ፣ የፊልሙ ሜካፕ ሠሪ የሆነችው ታላቅ እህቷ የያዘችው ስፖንጅ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሐይቅ ዳር ሄደን ነበር። ትንሽ ጀልባ ላይ ወጣን» አለች ሚጣ። «ደመና ነበር እኮ፣ እትዬ።»

ፊቷ ስለ ደመናው አልመሰከረላትም። ግንባሯ ጠቁሯል። አፍንጫዋና ጉንጮቿ ከጥቁረቱ ሥር እንደ ፍም ቀልተዋል። ሰፊው መነጽር የከለለው የዓይኗ ዙሪያ ብቻ እንደ ወትሮው ጠይም ሆኖ ቀርቷል። መነጽሯን አውልቃም ሌላ መነጽር ያደረገች ትመስል ነበር።

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ አያት። አልጮኸም፤ የሚያስፈራው ሳይጮህ ሲቀር ነው።

ዛሬ የሚቀርጹት ባለፈው ሳምንት ተጀምሮ የተቋረጠውን ትዕይንት ነበር። እናት ታማ ተኝታለች፤ ልጅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለዓመታት ያፈነችውን ትናገራለች። ግማሹ ተቀርጿል። ፊልሙ ላይ ሁለቱ ግማሾች በአንድ ትንፋሽ የተነገሩ መምሰል አለባቸው፤ ሚጣ ደግሞ ጠይም ሆና የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ተጠብሳ ልትጨርሰው አትችልም። የሚቀርጹበትን ቤት በምሳ ሰዓት ለባለቤቱ ያስረክባሉ። ሌላ ቀን የለም።

«ካልተስተካከለ ካሜራውን አልጋው ላይ ወዳሉት እማማ አዞረዋለሁ» አለ ዳይሬክተሩ። «የሚጣ ድምፅ ብቻ ይሰማል።»

በፊልሙ ሁሉ የሚጣ ፊት ስክሪኑን የሚሞላው እዚህ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እህቷ ይህን ሚና ለሚጣ እንዲሰጧት ምላሷ ፀጉር እስኪያበቅል ለምናለች።

«ግቢ» አለቻት፣ መታጠቢያ ቤቱን በአገጯ እያሳየች።

ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ጨመቀችና ሳታሽ ፊቷ ላይ አሳረፈችው።

«ያቃጥላል!»

«ያቃጥልሽ!»

«እናቴ ብትሆኚ እንኳ እንዲህ አትጨክኚም።»

«እናትሽ ብሆን ጀልባ ላይ አትወጪም ነበር።»

ሙቀቱ በረድ ሲል ክሬም ቀባቻት። ከዚያ የሜካፕ ሣጥኗን ከፍታ እንባ የማያጥበውን ቀለም ጠርሙስ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። አልኮል አለበት። እንዲህ የተለበለበ ቆዳ ላይ ማድረግ ጭካኔ ነው፤ ደግሞም ቆዳው ይላጣል።

«ታዲያ ሳለቅስ አይወርድም?» አለች ሚጣ።

«ወደ ውስጥ አልቅሺ።»

እጇ ይቸኩል ነበር፤ የቸኮለ እጅ ደግሞ መጀመሪያ የተማረውን ነው የሚሠራው። ቀይን አረንጓዴ ያጠፋዋል ብለው አስተምረዋት ነበር። ያስተማሯት ግን ነጣ ባለ ቆዳ ላይ ነው። የሚጣ አፍንጫና ጉንጮች ላይ አረንጓዴውን አሳረፈች፣ የአንገቷን መልክ የሚመስል የፊት ቀለም፣ ፋውንዴሽን፣ መረጠች፣ ከግንባር እስከ አገጭ እኩል አለበሰቻት። በመታጠቢያ ቤቱ ቢጫ አምፖል ሥር ጥሩ ነበር። እንዲያውም አማረባት።

ክፍሉ ውስጥ፣ ነጩ መብራት ሲበራ፣ ካሜራማኑ ከሞኒተሩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «አመድ» አለ።

ሜካፕ ሠሪዋም አየችው። የሚጣ ጉንጮች ግራጫ ሆነዋል። ቀሪው ፊት ተለስኖ የደረቀ ግድግዳ ነው፤ ግንባሩ ከጉንጩ፣ አፉ ከአገጩ አይለይም። ቀዩ ጠፍቷል፤ ሚጣም አብራ ጠፍታለች።

እናት ሆነው የሚተውኑት አዛውንት ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ልጄ፣ የምሞተው እኔ ነኝ ወይስ እሷ?»

መብራት የሚይዘው ሰውዬ ሳቀ። ዳይሬክተሩ አልሳቀም። «ካሜራውን ወደ እማማ» አለ።

«ቆይ» አለች ሜካፕ ሠሪዋ።

«ሰዓቱን አይተሻል?»

«አይቻለሁ። እማማን ቅረጽ፤ የሳቸውን ፊት ለማንኛውም ትፈልገዋለህ። ስትጨርስ እሷን አመጣልሃለሁ።»

አዛውንቷ ትራሱን አስተካከሉ። «እኔ እንደሆነ ቀስ ብዬ ነው የምሞተው» አሉ። «ሂዱ።»

በዚህ ጊዜ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አልተመለሰችም። ሚጣን ከቀረጻው ክፍል ጥግ፣ ያው ነጭ መብራት የሚደርስበት ቦታ አስቀመጠቻትና የቀባቻትን ሁሉ በለስላሳ ማጽጃ አነሳችው። ስልኳ ላይ ያለፈውን ሳምንት ፎቶ ከፍታ አሰፋችው። የእህቷን ፊት በልጅነቷ ስታጥበው የኖረች ናት፤ አውቀዋለሁ ትል ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ግን አንድ ቀለም አይደለም። ግንባሯ ከጉንጮቿ ጠቆር ይላል። የከንፈሯ ዙሪያ ደግሞ ከዚያም ይጠቁራል። ከዓይኗ ሥር ጥላ አለ፤ የጉንጯ አጥንት ወርቅማ ነው። አገጯ ላይ የድሮ ብጉር ጠባሳ፣ ከግራ ቅንድቧ በታች ማርያም የሳመቻት ነጥብ።

ፎቶውን ከፊቷ አጠገብ ያዘችና የመነጽሩን ምልክት አየች። ቅድም ከሁሉም በላይ ያስጠላት እሱ ነበር። አሁን ግን ያለፈው ሳምንት ቆዳ የቀረው እዚያ ብቻ እንደሆነ ገባት።

«አትንቀሳቀሺ» አለች። «ወደ መነጽሩ ነው የማመጣሽ።»

«እ?»

«ዝም በይ።»

በጠይሙ ቆዳ ሥር ቀልቶ የሚፋጀው ቦታ ላይ አረንጓዴውን ትታ ወርቅማ ቢጫ ተጠቀመች፤ ጥቂት፣ በስፖንጅ ጫፍ እየነካች፣ ሳትጎትት። የጠቆረው ግንባር ላይ ፈዛዛ ፋውንዴሽን በቀጥታ ቢያርፍ እንደገና አመድ ይሆናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሞቅ ያለ ብርቱካናማ ቀለም እንደ ትንፋሽ ስስ አድርጋ አስቀደመች። ከዚያ መነጽሩ ከልሎ ያቆየውን መልክ የሚመስል ቀለም በላዩ ነካ ነካ አደረገችና ወደ ጠርዙ እያሟሟች ድንበሩን አጠፋችው። በስሱ ነው የሠራችው፤ እውነተኛው ቆዳ ከሥር እንዲታይ ተወችው። የከንፈሯን ዙሪያ ጨርሶ አልነካችውም። የግንባሯን ጥቁረትም ሁሉንም አላነሳችም፤ ፎቶው ላይ ያለውን ያህል አስቀረችላት። ጠባሳውን በቀጭን ብሩሽ መለሰችው። ጆሮዋን፣ አንገቷን፣ የእናቲቱን ግንባር የሚዳስሰውን እጇን አስከተለች።

«ማርያም የሳመቻት ነጥብስ?» አለች ሚጣ በከንፈሯ ጫፍ።

«አለች። እሷን ፀሐይም አልደፈራት።»

ካሜራማኑ በሞኒተሩ አያት፣ ፎቶውን አየ፣ እንደገና አያት። ከዚያ ሌንሱን ማስተካከል ጀመረ። ከሱ ዘንድ ይህ ሙገሳ ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለች ሜካፕ ሠሪዋ ለዳይሬክተሩ። «እንባዋ ከወረደ በኋላ እንደገና የምሠራበት ቆዳ የለም፤ ተለብልቧል።»

ሚጣ ተቀመጠች፤ እጇን የአዛውንቷ ግንባር ላይ አሳረፈች። ባለፈው ሳምንት ያቆመችበት ቃል ላይ ጀመረች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ማየት ትቷል። ሚጣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ዓይኗ ሞላ፤ እንባው አንድ ጊዜ ተንጠለጠለና በጉንጯ ወረደ።

ሜካፕ ሠሪዋ ወደ ሞኒተሩ ተጠጋች። እንባው መንገዱን ጠረገ። የቅድሙ ልስን ቢሆን ኖሮ ቦይ ይቀድበት ነበር። አሁን ግን በስሱ ቀለም ሥር የነበረው ቅላት ትንሽ ብቅ አለ፣ ከዳሩ ጋር ሟሟ፣ እዚያው ቀረ። ሞኒተሩ ላይ የታየችው የተቃጠለች ልጅ አይደለችም። እያለቀሰች ፊቷ የቀላ ልጅ ናት።

«በቃ» አለ ዳይሬክተሩ። «ይሄን ነው የምጠቀመው።»

«ልነሳ? ጎኔ አልቋል» አሉ አዛውንቷ።

ሚጣ አፍንጫዋን እየሳበች ወደ እህቷ መጣች። «አማርኩ፣ እትዬ?»

«ያለፈውን ሳምንት መሰልሽ» አለችና ቀዝቃዛውን ጨርቅ ሰጠቻት። «በይ አጥፊው። ነገ ደግሞ ውጭ ነው የምንቀርጸው፤ ያለ ባርኔጣ ብትመጪ አላውቅሽም።»