ጆሮዬ ከስልኩ፣ ድምፄ ከላፕቶፑ

ደብረ ብርሃን በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ በላፕቶፕ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ነኝ። የብሉቱዝ ማዳመጫዬን ከላፕቶፑም ከስልኬም ጋር ያገናኘሁት ለእማዬ ስል ነው። አንኮበር ያለችው እናቴ ታማለች፤ ኔትወርክ የምታገኘው ዳገት ወጥታ ስለሆነ ስትደውል ካመለጠችኝ ዛሬ አላገኛትም። ለቃለ መጠይቁ ግን የላፕቶፑን ማይክ መረጥኩ፤ የማዳመጫው ማይክ ድምፅ ያፍናል። ብልጥ ነኝ ባይ!

«በሳምንት ውስጥ አዲስ አበባ ትገቢያለሽ?» አለችኝ ከሦስቱ ጠያቂዎች አንዷ።

«ነገም ብትሉኝ!»

«አንድ አፍታ፣ እንመካከር።»

ወዲያው ስልኬ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ማዳመጫውን ነካ አድርጌ አነሳሁት፤ የላፕቶፑ ድምፅ ጠፋ።

«ልጄ፣ አዲስ አበባ ከቀጠሩሽ ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?» አለች እማዬ እያሳላት።

«ሳሉ ባሰብሽ እንዴ? አንቺን ትቼ የት አባቴ እሄዳለሁ! እሺ ያልኳቸው እንዲቀጥሩኝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለመሄድ ምክንያት አላጣም።»

ስትዘጋው የላፕቶፑ ድምፅ ተመለሰ። ሦስቱም ጠያቂዎች አፍጥጠው ያዩኛል። ጆሮዬ ወደ ስልኩ ሲሄድ የላፕቶፑ ማይክ እንደተከፈተ ቀርቶ ኖሯል።

ጠያቂዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እናትሽ ሳሉ ባሰባቸው?»